ለቃቂውና የማይለቀው፦ ከሚኒሶታ ቤተ ሙከራ እስከ ሴንት ፖል ሕግ

በ2014 እ.ኤ.አ. በሴንት ፖል የሚገኘው የሚኒሶታ ምክር ቤት «የስቲቭ ሕግ» የሚባለውን ድንጋጌ አጸደቀ። ሕጉ ናሎክሶን የተባለው መድኃኒት ከሐኪም እጅ ወጥቶ ለፖሊስ፣ ለእሳት አደጋ ሠራተኛና ለተራው ሰው እንዲደርስ መንገድ ከፈተ። ናሎክሶን በሄሮይን ወይም በፈንታኒል ብዛት ትንፋሹ የደከመን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ይመልሳል። ሕጉ የቆመበት ፋርማኮሎጂያዊ እውነት ግን አንድ ነው፦ ናሎክሶን የያዘውን ቦታ ይለቃል። ይህ መልቀቅ ምን ማለት እንደሆነ በጥራት ለማሳየት ካስቻሉ ሥራዎች አንዱ የተከናወነው ደግሞ በዚያው መንትያ ከተማ፣ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ፊሊፕ ፖርቶጌዝ ወደ ዩኒቨርሲቲው የመጡት በ1961 ነበር። ኬሚስት ናቸው። ከፋርማኮሎጂስቱ አኪራ ታኬሞሪ ጋር ሆነው በ1970ዎቹ መጨረሻ የተነሡበት ጥያቄ ይህ ነበር፦ ሞርፊን የሚሠራባቸውን ተቀባዮች ይዞ የማይለቅ ሞለኪውል መሥራት ይቻላል ወይ? የመነሻ ሞለኪውላቸው የታወቀው ለቃቂ ተቃዋሚ ናልትሬክሶን ሆነ። በእርሱ ላይ ከፕሮቲን ጋር ኬሚካዊ ትስስር የሚፈጥር ክፍል ጨመሩበት። በ1980 ያሳተሙት ውጤት ቤታ-ፉናልትሬክሳሚን ይባላል።

ሙከራው የተካሄደበት አካል የጊኒ ፒግ ትንሹ አንጀት ነው። የአንጀቱ ቁራጭ በጨው ውኃ ውስጥ ተንጠልጥሎ በኤሌክትሪክ ሲነካ ይኮማተራል፤ ሞርፊን ሲጨመር መኮማተሩ ይቀንሳል። የሞርፊኑን መጠን በአግድም፣ የመቀነሱን ልክ በቁም ሲያስቀምጡት የመጠንና የምላሽ ኩርባ ይወጣል። ኩርባው ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛው የመድኃኒቱ ብርታት ነው፤ ለተወሰነ ምላሽ የሚያስፈልገው መጠን ባነሰ ቁጥር ብርታቱ ይበልጣል። ሁለተኛው የምላሹ ጣሪያ ነው፤ መጠኑ የቱንም ያህል ቢጨምር ከዚያ በላይ አይወጣም።

ለቃቂ ተፎካካሪ በዚህ ኩርባ ላይ የሚያደርገው ነገር ግልጽ ነው። ናሎክሶንና ሞርፊን ለአንድ ወንበር እንደሚሻሙ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ተቀምጠው ይነሣሉ፣ የበዛው ደግሞ ወንበሩን አብዝቶ ይይዛል። ስለዚህ ሞርፊኑ በበቂ መጠን ከተጨመረ ጣሪያው ላይ መድረሱ አይቀርም፤ የሚቀንሰው ብርታቱ ብቻ ነው። ልኩን ጋደምና ሺልድ ያስተማሩት ቀመር ይሰጠናል፦

```
r = 1 + [B]/K
```

በቀመሩ [B] የተቃዋሚው መጠን ነው፤ K ደግሞ ያለ ሞርፊን ግማሹን ተቀባይ የሚይዝበት መጠን ነው። r ለዚያው ምላሽ ሞርፊኑ ስንት እጥፍ መሆን እንዳለበት ያሳያል። ናሎክሶኑ የK 8 እጥፍ ቢሆን ሞርፊኑ 9 እጥፍ ያስፈልጋል፤ 80 እጥፍ ቢሆን 81 እጥፍ። ጣሪያው ግን በሁለቱም ጊዜ ያው ነው።

የማይለቀው ተቃዋሚ ወንበሩን ከነአካቴው ከአዳራሹ ያወጣዋል። ስለዚህ ጣሪያው ወዲያው ይወርዳል ብሎ መጠበቅ ተፈጥሯዊ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን አይወርድም። ምክንያቱ አካሉ ትርፍ ተቀባይ ስላለው ነው። ለምሳሌ 100 ተቀባይ ያለውን፣ 10ሩ ሲያዙ ሙሉ ምላሽ የሚሰጥን፣ ከዚያ በታች ደግሞ ምላሹ ከተያዙት ቁጥር ጋር የሚመጣጠንን አካል እናስብ። ከ100 ውስጥ 10ሩን ለመያዝ መድኃኒቱ ከራሱ K አንድ ዘጠነኛ ይበቃዋል። አሁን የማይለቀው ተቃዋሚ 80ውን ያጥፋ። 20 ቀርተዋል፤ 10ሩን ለመያዝ ግማሾቹ መያዝ አለባቸው፣ ለዚህም የሚያስፈልገው መጠን ልክ K ነው፤ ማለትም 9 እጥፍ። ጣሪያው አልተነካም። ለሙሉ ምላሽ የተጠየቀው ጭማሪ ከላይ ናሎክሶን ካስከተለው ጋር አንድ ሆኗል።

የተሳሳተ መደምደሚያ የሚወለደው እዚህ ላይ ነው። አንድ ኩርባ ወደ ቀኝ መሸሹን ብቻ አይቶ «ተፎካካሪና ለቃቂ ነው» የሚል ተመራማሪ ሊሳሳት ይችላል። መለያው ተቃዋሚውን መጨመር ነው። በዚያው ምሳሌ 95ቱ ተቀባዮች ቢጠፉ 5 ብቻ ይቀራሉ፤ ሁሉም ቢያዙ እንኳ ምላሹ ከግማሽ አያልፍም፣ ሞርፊኑ ሺህ እጥፍ ቢሆንም። ሌላው መለያ ማጠብ ነው። የአንጀቱ ውኃ ደጋግሞ ሲለወጥ ናሎክሶን ይሄዳል፣ ኩርባውም ወደ ቦታው ይመለሳል። በቤታ-ፉናልትሬክሳሚን ግን ሞርፊንን መቃወሙ ከታጠበም በኋላ ጸንቶ ቆየ። ሞለኪውሉ ካፓ በሚባሉት ሌሎች ተቀባዮች ላይ የራሱ የሆነ አነቃቂ ሥራም ነበረው፤ ያኛው በእጥበት ጠፋ። አንድ ሞለኪውል በአንዱ ተቀባይ የማይለቅ፣ በሌላው ለቃቂ ሆኖ ተገኘ።

የትርፍ ተቀባይ ነገር ከቤተ ሙከራ የሚያልፍ ትርጉም አለው። ቻቭኪንና ጎልድስታይን በ1984 ከዚያው ከፖርቶጌዝ ቤተ ሙከራ የወጣውን የማይለቅ ተቃዋሚ ቤታ-ክሎርናልትሬክሳሚንን ተጠቅመው ሞርፊን የለመደውን አንጀት ካልለመደው ጋር አነጻጸሩ። የለመደው አካል ትርፉ ተመናምኖ አገኙት። መላመድ ማለት በከፊል ይህ ነው፦ ተቀባዮቹ ቢኖሩም ለዚያው ምላሽ ብዙዎቹ መያዝ አለባቸው።

ቤታ-ፉናልትሬክሳሚን መድኃኒት አልሆነም፤ ለምን እንዳልሆነም ኩርባው ይነግረናል። በእንስሳት ላይ ተቃውሞው ለቀናት ይቆያል። እንዲህ ያለ መድኃኒት የተሰጠው ሰው በማግስቱ አጥንቱ ቢሰበር ሞርፊን ሊያስታግሰው ይቸግራል፤ የሱስ ማቋረጥ ሕመም ቢነሣበትም ሐኪሙ ሊመልሰው አይችልም። ለምርምር ግን ይኸው አለመልቀቅ ሀብት ሆነ። በ2012 ሚኒሶታ የተወለዱት ብራያን ኮቢልካና ባልደረቦቻቸው የሞርፊንን ተቀባይ ቅርጽ ሲያሳዩ ተቀባዩን የያዘው ይኸው ሞለኪውል ነበር።

ናሎክሶን ለቃቂ መሆኑ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ሥራው በአብዛኛው ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው፤ በሰውነት የቀረው ኦፒዮይድ ከእርሱ ከቆየ ወንበሩን መልሶ ይይዛል፣ ትንፋሹም እንደገና ሊደክም ይችላል። የነቃው ሰው ብቻውን የማይተወውና አምቡላንስ የሚጠራው ስለዚህ ነው። «ታዲያ መጠኑን እናብዛ» የሚለው የፖሊሲ ሐሳብም በዚሁ ቀመር ይመዘናል። መጠኑን ማጠፍ r-ን ቢበዛ ያጥፈዋል፤ ትንፋሽ ለመመለስ የሚበቃው ከተገኘ በኋላ ትርፉ የሚገፋው ሰውየውን ወደ ማቋረጥ ሕመም ነው። የኒው ዮርክ ግዛት ፖሊስ የ4 እና የ8 ሚሊግራም የአፍንጫ ርጭት ሲጠቀም የተሰበሰበውና በ2024 የታተመው መረጃ በመትረፍ በኩል ልዩነት አላሳየም፤ ማስመለስን ጨምሮ የማቋረጥ ምልክቶች ግን 8 ሚሊግራም በተሰጣቸው ላይ በዝተዋል።

ቀመሩም ወሰን አለው። የተጻፈው ሁለቱ መድኃኒቶች ከተቀባዩ ጋር ሚዛን ላይ ለደረሱበት ሁኔታ ነው፤ በሰው አካል ውስጥ ደግሞ ሁለቱም በየደቂቃው እየተወገዱ ነው። ስለዚህ መጠን የሚወስን አካል የኩርባውን ሽሽት ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም መቁጠር አለበት። እስትንፋስ ከተመለሰ በኋላ ከትልቅ መጠን ይልቅ በእጅ ያለ ሁለተኛ ርጭትና አጠገቡ የሚቆይ ሰው የሚሻለው ለዚህ ነው።