የሠርግ ፊልም ንግግርን ክር ያደረገበት ዘመን

ዛሬ ከሙሉ ቀን ሠርግ ተመርጦ በአምስት ወይም በስድስት ደቂቃ የሚታየውን አጭር ፊልም ስትመለከቱ፥ ብዙውን ጊዜ ከሙሽሮቹ መልክ አስቀድሞ የአንድ ሰው ንግግር ትሰማላችሁ። ጥንቱን ግን እንዲህ አልነበረም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1923 ዓ.ም. የኮዳክ ኩባንያ ለቤት የሚሆነውን ባለ 16 ሚሊሜትር ፊልም ባወጣ ጊዜ፥ 30 ሜትር የሚሆነው ጥቅል የሚያነሣው አራት ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር፤ ድምፅም አልነበረውም። ስለዚህ ሠርጉን የሚያነሣው ዘመድ ምርጫውን የሚፈጽመው እዚያው ቆሞ ነበር። ሙሽሪት ከመኪና ስትወርድ ጥቂት፥ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ጥቂት፥ ከጭፈራው ጥቂት ያነሣል። ንግግሩን ይተወዋል፤ ድምፁ ሳይሰማ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅስ ሽማግሌ ማንን ያስደስታል? ቅደም ተከተሉም የዕለቱ ቅደም ተከተል ነበር።

በ1976 የቪ.ኤች.ኤስ. ካሴት በጃፓን ሲወጣ ነገሩ ተገለበጠ። ካሴቱ ሁለት ሰዓት ያህል ከነድምፁ ይቀዳ ነበርና ንግግሩ ሁሉ ገባ። ምርጫው ግን ቀረ ማለት ይቻላል። ከካሴት ወደ ካሴት እየገለበጡ ሲያሳጥሩ፥ አንድ ትዕይንት ከመካከል ለመጨመር የሚከተለውን ሁሉ እንደገና መቅዳት ያስፈልግ ነበር፤ በተገለበጠም ቁጥር ሥዕሉ ይደበዝዛል። በ1989 አቪድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የኮምፒዩተር ማቀናበሪያውን ካቀረበ፥ ዓይነቱም ውሎ አድሮ ከረከሰ በኋላ፥ ትዕይንትን ያለ ጉዳት ከቦታ ቦታ ማዛወር ተቻለ። ንግግሩ የፊልሙ ክር ለመሆን የበቃው በዚህ ነው።

የአዲስ አበባን ሠርግ እንውሰድ። የሙሽሪት አባት ስምንት ደቂቃ ተናገሩ እንበል። አቀናባሪው ለእንግዶች የቀረበውን ሰላምታ ይተውና አርባ ሴኮንድ የሚሆን ምርቃት አውጥቶ በሦስት ይከፍለዋል። የመጀመሪያውን ሙሽሪት በቤቷ ስትለብስ፥ ሁለተኛውን ቃል ኪዳኑ ሲፈጸም ያሰማል፤ በሦስተኛው አባትየው ራሳቸው ይታያሉ። ከዚያ በኋላ ጭፈራው ይገባል። ለዚህም ከአንድ ዘፈን ግማሽ ደቂቃ ሳይቆርጥ ይወስድና፥ ድምፁን እንዳለ ትቶ በላዩ ሥዕሉን ብቻ ይለዋውጣል። ድምፁን የቆረጠ እንደሆነ ከበሮው ይሰናከላል፤ ሥዕሉንም ያለ ቦታው ያስገባ እንደሆነ እስክስታው ከምቱ ይወጣል።

የመልሱን ጭፈራ በዋናው ቀን መካከል ቢያስገባ፥ ካባው ከነጩ ቬሎ ጋር ይጋጭበታል፤ ይህን ስሕተት ተመልካች ሁሉ ያየዋል። የከፋው የማይታየው ነው። አባትየው «መጀመሪያ ይህ ጋብቻ ከፍቶኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ደስ ብሎኛል» ቢሉና የፊተኛው ቢቆረጥ፥ የቀረው የእርሳቸው ቃል ቢሆንም እርሳቸው ያሉት ነገር አይደለም። በላዩ የሙሽሪት ሥዕል ስለሚያልፍም የተቆረጠበትን ቦታ ማንም አያውቅም። ገና ያልተወለዱት የልጅ ልጆች ደግሞ የአያታቸውን ድምፅ የሚሰሙት ምናልባት በዚህ አርባ ሴኮንድ ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ከአቀናባሪው ጋር ስትዋዋሉ፥ ስምንቱ ደቂቃ ሳይነካ ለብቻው ተቀድቶ ከአጭሩ ፊልም ጋር እንዲሰጣችሁ በውሉ አስጽፉ። ብዙዎች አቀናባሪዎች ሥራውን ካስረከቡ በኋላ ዋናውን ቅጂ ለዘለዓለም አያስቀምጡትም።