ስውር ውሃ

አንድ ስኒ ቡና የሚይዘው 125 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ለገባበት 7 ግራም የተቆላ ቡና ግን በዓለም አማካይ 130 ሊትር ገደማ ውሃ ወጥቷል፤ አብዛኛው ተክሉ ከአፈር ስቦ በቅጠሉ ያተነነው ነው። ምርት ውስጥ የማናየው ይህ ውሃ ስውር ውሃ ይባላል። ሐሳቡን ያመጡት እንግሊዛዊው ቶኒ አለን ናቸው፤ ውሃ ያጠራቸው የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች ስንዴ ሲገዙ ውሃም እየገዙ መሆኑን አስተዋሉ። የአንድ ሰው ወይም አገር ፍጆታ ሲደመር ደግሞ የውሃ አሻራ ይሆናል።

ድምሩ ብቻውን ግን ያሳስታል። የጅማ ቡና በአብዛኛው የሚጠጣው ዝናብ ነው፤ ባለሙያዎች አረንጓዴ ውሃ ይሉታል። ቡናው ባይኖር ደኑ ይጠጣው ነበር። 250 ግራም የምትመዝን የጥጥ ካናቴራ 2,500 ሊትር ገደማ ትፈልጋለች። ጥጡ የበቀለው መካከለኛው አዋሽ ከሆነ ዝናቡ ስለማይበቃ ውሃው ከወንዙ በቦይ ይጠለፋል። ይህ ሰማያዊ ውሃ ነው፤ ማሳው የጠጣው ከታች ላለው አርብቶ አደር አይደርስም። የአራል ባሕርን ያደረቀውም በዋናነት ወንዞቹን ለጥጥ መጥለፍ ነው። ካናቴራዋ ከተቀለመች ሦስተኛ ሒሳብ ይመጣል፦ ግራጫ ውሃ፣ ማለትም የማቅለሚያውን ፍሳሽ እስከሚፈቀደው መጠን ለማቅጠን የሚያስፈልገው።