በመምህሩ ዓመታዊ ግለ ግምገማ ሪፖርት የተማሪዎች ውጤትና የክትትል መዝገብ በማስረጃነት የሚቀርቡበት አግባብ

የመምህሩ ግለ ግምገማ ሪፖርት፣ መምህሩ በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ካዘጋጀው ዓመታዊ ዕቅድ አንጻር ምን እንዳከናወነና ምን ውጤት እንደተገኘ ራሱ መዝኖ በጽሑፍ የሚያቀርብበት ሰነድ ነው። የሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ውጤት በሮስተር ላይ ከሰፈረ በኋላ ተጠናቅቆ ለትምህርት ክፍል ተጠሪውና ለርዕሰ መምህሩ ይቀርባል። የሥራ አፈጻጸም ነጥብ አነስተኛ ሆኖ ሲገኝ ወይም በደረጃ ዕድገት ላይ ቅሬታ ሲነሣ መምህሩ በእጁ የሚኖረው የጽሑፍ መከራከሪያ ይኸው ሪፖርት ነው።

በተግባር እንደሚታየው ብዙ ሪፖርቶች «የተማሪዎችን ውጤት አሻሽያለሁ»፣ «በሥራዬ ላይ በትጋት ተገኝቻለሁ» በሚሉ ዓረፍተ ነገሮች የተሞሉ ናቸው። እንዲህ ያለውን አባባል ገምጋሚው ሊያረጋግጠውም ሊያስተባብለውም አይችልም። አንድ መግለጫ በማስረጃ ተደግፏል የሚባለው የማን ውጤት እንደሆነ፣ ከየትኛው ጊዜ ጋር እንደተነጻጸረና በየትኛው መዝገብ ላይ እንደሚገኝ ሲገልጽ ነው። ይሁን እንጂ አኃዝ መጥቀስ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ከመዝገብ በትክክል የተገለበጠ አኃዝም ሊያሳስት ይችላልና። ጉዳዩን ለማስረዳት ያህል ለማሳያነት የተዘጋጀ አንድ ምሳሌ እንመልከት።

አንዲት የ7ኛ ክፍል የሒሳብ መምህርት የ7ኛ «ለ» ክፍል ተጠሪም ናቸው እንበል። በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት በክፍሉ 60 ተማሪዎች ነበሩ፤ የሒሳብ አማካይ ውጤታቸውም ከመቶ 48 ነበር። በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት አማካዩ 54 ሆኗል። መምህርቷ «የክፍሉ አማካይ ውጤት በ6 ነጥብ ተሻሽሏል» ብለው ቢጽፉ አኃዙ ከሮስተሩ ጋር ይስማማል። ሆኖም በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ውጤት የተሰጣቸው ተማሪዎች 50 ብቻ ናቸው። 10 ተማሪዎች ትምህርታቸውን አቋርጠዋል፤ የእነርሱ የመጀመሪያ ወሰነ ትምህርት አማካይ ደግሞ 28 ነበር።

ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም። የ60ዎቹ ጠቅላላ ውጤት 60 ጊዜ 48፣ ማለትም 2,880 ነው። ከዚህ ላይ ያቋረጡት 10 ተማሪዎች ድምር 280 ሲቀነስ 2,600 ይቀራል። ይህ ለ50 ሲካፈል፣ እስከ መጨረሻው የቆዩት ተማሪዎች በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርትም አማካይ ውጤታቸው 52 እንደነበር ያሳያል። ስለዚህ እውነተኛው ለውጥ ከ52 ወደ 54፣ ማለትም 2 ነጥብ ነው። የቀረው 4 ነጥብ ዝቅተኛ ውጤት የነበራቸው ልጆች ከክፍሉ በመውጣታቸው ምክንያት የታየ እንጂ በማስተማር የመጣ አይደለም። ገምጋሚው የተማሪ ቁጥሩን ከሮስተሩ ላይ ቢያይ ይህን በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይደርስበታል፤ ያን ጊዜ የሪፖርቱ ሌላ ክፍልም ተአማኒነት ያጣል።

በክትትል መዝገቡም (በተለምዶ አቴንዳንስ በሚባለው) ተመሳሳይ ነገር ያጋጥማል። በእያንዳንዱ ወሰነ ትምህርት 90 የትምህርት ቀናት ነበሩ ብንል፣ 60 ተማሪዎች ሊገኙባቸው የሚገባው ጠቅላላ ቀን 5,400 ይሆናል። በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት 810 ቀሪ ተመዝግቧል፤ ስለዚህ የመገኘት መጠኑ 85 በመቶ ነው። በሁለተኛው ከ4,500 ቀናት 450 ቀሪ በመመዝገቡ መጠኑ 90 በመቶ ሆኗል። እድገት ይመስላል። ነገር ግን ከ810ሩ ቀሪ 410 ያህሉ ኋላ ያቋረጡት 10 ተማሪዎች ነው። የቀሩት 50 ተማሪዎች በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት የነበራቸው ቀሪ 400 ብቻ ስለሆነ የመገኘት መጠናቸው ከ91 በመቶ ጥቂት የበለጠ ነበር። እንግዲህ የተሻሻለ የመሰለው ክትትል በጥቂቱም ቢሆን ቀንሷል ማለት ነው።

መዝገቡ ከመቶኛው የበለጠ ጠቃሚ ነገርም ይዟል። 10ሩ ልጆች ከማቋረጣቸው በፊት እያንዳንዳቸው በአማካይ 41 ቀን ቀርተዋል። ቀሪው በየትኛው ወር እንደበዛ መመልከት ምክንያቱን ይጠቁማል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የበዛ ከሆነ ከመኸር ሥራ ጋር፣ በሳምንት አንድ በታወቀ ቀን የሚደጋገም ከሆነ ከገበያ ቀን ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። መምህርቷ ለወላጆች ጥሪ ያደረጉበት ቀንና የተሰጠው ምላሽ በማስታወሻ ተይዞ ከሆነ በሪፖርቱ ሊካተት ይገባል። ልጆቹ ባይመለሱም እንኳ ጥረቱ የተሠራ ሥራ ነው። የአቋራጮችን ቁጥር መሸሸግ ግን በመዝገብ ቤት ካለው መረጃ ጋር ስለማይጣጣም ለመምህሩም አይበጅም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጆቹን ፈልጎ የሚመልሳቸው እንዳይኖር ያደርጋል።

ታዲያ መምህርቷ ምን ቢጽፉ ትክክል ይሆናል? ባለ 2 ነጥቡን ለውጥ ጠጋ ብለው ሲመረምሩት ሙሉ በሙሉ የመጣው ከ40 ከተያዘው የማጠቃለያ ፈተና ሆኖ አገኙት እንበል፤ የተከታታይ ምዘናው አማካይ አልተለወጠም። ቅዳሜ ጠዋት የሰጡትን የማጠናከሪያ ትምህርት የተከታተሉት 15 ተማሪዎች የማጠቃለያ ፈተና አማካይ ከ10 ወደ 15 ከፍ ሲል፣ የሌሎቹ 35 ተማሪዎች ለውጥ ከአንድ ነጥብ ያነሰ ነበር። ከአጠቃላዩ አማካይ ይልቅ የመምህርቷን ሥራ የሚያሳየው ይህ ነው። ሪፖርቱም እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«በሁለቱም ወሰነ ትምህርቶች በተፈተኑ 50 ተማሪዎች ላይ የሒሳብ አማካይ ውጤት ከ52 ወደ 54 ከፍ ብሏል። በማጠናከሪያ ትምህርት የተሳተፉ 15 ተማሪዎች የማጠቃለያ ፈተና አማካይ ከ40 ከ10 ወደ 15 አድጓል። 10 ተማሪዎች አቋርጠዋል፤ ለወላጆቻቸው የተደረገው ጥሪ በአባሪ 3 ተያይዟል።»

ይህ አገላለጽ ከመጀመሪያው ያነሰ አኃዝ ቢይዝም በጥያቄ የሚናድ አይደለም። ሆኖም ወሰኑን ማወቅ ያስፈልጋል። የሁለቱ ወሰነ ትምህርቶች ፈተናዎች በክብደት እኩል ላይሆኑ ይችላሉ፤ የ35ቱ ተማሪዎች ውጤት ብዙም አለመለወጡ ግን ሁለተኛው ፈተና በጣም ቀላል እንዳልነበረ ይጠቁማል። በሌላ በኩል ዝቅተኛ ውጤት ያመጣ ተማሪ በሚቀጥለው ፈተና ያለ ተጨማሪ ድጋፍም ጥቂት ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው። በዚህም ምክንያት «የማጠናከሪያ ትምህርቱ ብቻውን ይህን ለውጥ አምጥቷል» ብሎ ከመደምደም «በማጠናከሪያ ትምህርቱ የተሳተፉ ተማሪዎች ውጤት ይህን ያህል ተለውጧል» ብሎ መግለጽ ይመረጣል።

ከሪፖርቱ ጋር የሚያያዙት አባሪዎች ብዙ መሆን አይጠበቅባቸውም። ለዚህ ምሳሌ የሁለቱ ወሰነ ትምህርቶች የውጤት መመዝገቢያ፣ የክትትል መዝገቡ ወርኃዊ ድምርና የወላጆች ጥሪ ማስታወሻ፣ እንዲሁም የቅዳሜው ትምህርት የስም መጥሪያ ይበቃሉ። በሪፖርቱ ውስጥ የአባሪው ቁጥር ከእያንዳንዱ መግለጫ አጠገብ ይጠቀሳል። ሪፖርቱ በብዙ እጅ የሚያልፍ በመሆኑ በአባሪዎቹ ላይ የተማሪዎች ስም ተሸፍኖ በተራ ቁጥር ቢተካ ይመረጣል፤ ዋናው መዝገብ በትምህርት ቤቱ ስለሚቀመጥ ማመሳከር ለሚፈልግ ገምጋሚ ችግር አይፈጥርም። ቅጂዎቹ ከዋናው ጋር ተመሳክረው በርዕሰ መምህሩ ፊርማና በትምህርት ቤቱ ማኅተም እንዲረጋገጡ ማድረግና አንዱን ቅጂ በግል ማኅደር ማስቀመጥ ጠቃሚ ነው። መምህሩ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ቢዛወር ወይም ርዕሰ መምህሩ ቢቀየር የቀድሞውን መዝገብ መልሶ ማግኘት ብዙ መመላለስ ሊጠይቅ ይችላል።