አክሲዮንና ቦንድ፦ ትርፍ ሲገኝም ሆነ ኪሳራ ሲመጣ ማን ቀድሞ ይከፈለዋል?

በብዙ ቤቶች ሣጥን ውስጥ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የቦንድ ሰርተፍኬት ይገኛል። ግንባታው ከተጀመረበት ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ አርሶ አደሩም፣ ነጋዴውም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም እንደየአቅሙ ገዝቷል። በአንዳንዱ ሣጥን ደግሞ ከዚሁ ሰርተፍኬት ጎን የባንክ ወይም የሌላ ኩባንያ የአክሲዮን ሰርተፍኬት ተቀምጧል። ሁለቱም ማኅተም ያረፈባቸው፣ በገንዘብ የተገዙ ወረቀቶች ስለሆኑ አንድ ዓይነት ይመስላሉ። በሕግ ፊት ግን አክሲዮን የባለቤትነት፣ ቦንድ ደግሞ የአበዳሪነት ማስረጃ ነው። የሕዳሴውን ቦንድ የገዛ ሰው በልቡ «ግድቡ የእኔ ነው» ቢል ማንም አይከለክለውም፤ በወረቀቱ መሠረት ግን የሚጠይቀው ያበደረውን ገንዘብና ወለዱን እንጂ ከኤሌክትሪክ ሽያጭ የሚገኘውን ትርፍ አይደለም።

ልዩነቱን ለመረዳት ከእርሻ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። አንድ ሰው ለጎረቤቱ አንድ ኩንታል ዘር ቢያበድር፣ አዝመራው ያማረም ይሁን በረዶ የመታው፣ በመኸር የሚጠይቀው የተስማማበትን ያህል ነው። ምርቱ ሦስት እጥፍ ቢሆንም ከስምምነቱ በላይ አያገኝም። መሬቱን ለእኩል አራሽ የሰጠ ሰው ግን የሚካፈለው በአውድማው ላይ የተገኘውን ነው፤ ብዙ ከተገኘ ብዙ፣ ምንም ካልተገኘ ምንም። የመጀመሪያው ሰው የቦንድ ገዥን፣ ሁለተኛው ደግሞ የአክሲዮን ገዥን ይመስላል።

አሁን በምሳሌ በቁጥር እንየው። አንድ የዘይት ፋብሪካ አክሲዮን ማኅበር ተቋቋመ እንበል። ከአክሲዮን ሽያጭ 10 ሚሊዮን ብር፣ በዓመት 12 በመቶ ወለድ ከሚከፈልበትና በአምስት ዓመት ከሚመለስ ቦንድ ደግሞ 5 ሚሊዮን ብር ሰበሰበ። ሁለት ወንድማማቾች እያንዳንዳቸው 50 ሺህ ብር አላቸው። ታላቁ በሙሉ ገንዘቡ አክሲዮን፣ ታናሹ በሙሉ ገንዘቡ ቦንድ ገዙ።

በጥሩ ዓመት ኑግና ሰሊጥ በርካሽ ተገኘ፤ ፋብሪካውም ብዙ አተረፈ። በቅድሚያ ለቦንድ ገዥዎች 600 ሺህ ብር ወለድ ተከፈለ። ታናሹም 6 ሺህ ብር ደረሰው። ከዚያ ግብር ተከፍሎና መጠባበቂያ ተቀንሶ፣ ጠቅላላ ጉባኤው 3 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ለባለአክሲዮኖች እንዲከፋፈል ወሰነ። ይህም ከአክሲዮኑ ዋጋ 35 በመቶ ስለሆነ ለታላቁ 17 ሺህ 500 ብር ደረሰው። በዚያ ዓመት ታናሹ ወንድሙን ቢቀናበት አይፈረድበትም።

በቀጣዩ ዓመት ዝናቡ ዘገየ፤ የቅባት እህል ዋጋ ናረ፤ ማሽኑም ለወራት ቆመ። ወጪው ሁሉ ተሸፍኖ የተረፈው 600 ሺህ ብር ብቻ ሆነ። ይህ ገንዘብ ልክ የቦንዱን ወለድ ይሸፍናል። ስለዚህ ታናሹ እንደ አምናው 6 ሺህ ብር ሲቀበል ታላቁ ባዶ እጁን ቀረ። ወለድ ውል ስለሆነ የግድ ይከፈላል፤ የትርፍ ድርሻ ግን ትርፍ ሲኖርና ጉባኤው ሲወስን ብቻ የሚከፈል ነው። ትርፍ በተገኘበት ዓመት እንኳ ጉባኤው «ገንዘቡ ለፋብሪካው ማስፋፊያ ይዋል» ብሎ ሊወስን ይችላል። ታላቁ በዚያ ጉባኤ ላይ ድምፅ አለው፤ ታናሹ ግን የለውም።

እስካሁን ቦንድ ከአደጋ የራቀ መስሎ ሊታይ ይችላል። ፋብሪካው ሲከስር ግን ሥዕሉ ይለወጣል። ሕንፃውና ማሽኑ ተሸጠው 6 ሚሊዮን ብር ተገኘ እንበል። ሕንፃውን በመያዣነት ይዞ ያበደረው ባንክ 3 ሚሊዮን ብሩን ያነሣል። ለሠራተኞች ደመወዝና ለግብር ተጨማሪ 500 ሺህ ብር ይወጣል። የቀረው 2 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ነው፤ የቦንድ ገዥዎች የሚጠይቁት ደግሞ 5 ሚሊዮን ብር ነው። ስለዚህ ታናሹ ከ50 ሺህ ብሩ 25 ሺህ ብር ብቻ ያገኛል። ታላቁ በተራው መጨረሻ ላይ ስለቆመ የሚደርሰው ነገር የለም። የሚያጽናናው፣ ማጽናኛ ከተባለ፣ የማኅበሩ ዕዳ ወደ ቤቱና ወደ በሬዎቹ አለመሻገሩ ነው። ባለአክሲዮን የሚያጣው ያዋጣውን ብቻ ነው።

ታናሹ ግማሹን ያጣው ቦንዱ መያዣ ስላልነበረው ነው። ስለዚህ ቦንድ ለመግዛት የተዘጋጀ ሰው ስለ ወለዱ ከመጠየቁ በፊት «በመያዣ የተደገፈ ነው ወይ? ከእኔ በፊት የሚከፈለው ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ይበጀዋል። በእኔ እይታ ከፍ ያለ ወለድ የሚያቀርብ ድርጅት ብዙውን ጊዜ በዝቅተኛ ወለድ የሚያበድረው ያጣ ነው። ተበዳሪው መንግሥት ሲሆን እንኳ የክፍያ ቀን ሊያልፍ ይችላል። ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. ለውጭ ገዥዎች የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድ በ6.625 በመቶ ወለድ ሸጣ ነበር፤ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. 33 ሚሊዮን ዶላር የሚሆነው የወለድ ክፍያ ሳይከፈል ቀርቷል።

ከዚህ ሌላ ድምፅ ሳያሰማ ቦንድን የሚበላው የዋጋ ንረት ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ 10 ሺህ ብር ቢሆን፣ የታናሹ 50 ሺህ ብር አምስት ኩንታል ይገዛል። ዋጋው በየዓመቱ 20 በመቶ ቢጨምር ከአምስት ዓመት በኋላ አንዱ ኩንታል 25 ሺህ ብር ገደማ ይደርሳል። ዋናው 50 ሺህ ብር አንዲት ሳንቲም ሳትጎድል ቢመለስለትም የሚገዛው ሁለት ኩንታል ብቻ ነው። በየዓመቱ የተቀበለው 6 ሺህ ብር ቁስሉን ያሽራል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያድነውም። የአክሲዮን ባለቤት የያዘው ግን የሕንፃ፣ የማሽንና የንግድ ድርሻ ነው፤ ዘይት ሲወደድ የፋብሪካው ገቢና የንብረቱ ዋጋም አብረው ሊያድጉ ይችላሉ። ሊያድጉ ይችላሉ ማለት ግን ያድጋሉ ማለት አይደለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መውጫው ላይ ነው። ቦንድ የመመለሻ ቀን አለው፤ ቀኑ ሲደርስ ዋናው ገንዘብ ይመለሳል። አክሲዮን ግን የመመለሻ ቀን የለውም። ልጁን ሊድር የተነሣ ሰው ወደ ኩባንያው ሄዶ «ያዋጣሁትን መልሱልኝ» ቢል መብት የለውም፤ ሌላ ገዥ ፈልጎ መሸጥና ዝውውሩን ማስመዝገብ አለበት። በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ የተቋቋመው ገዥና ሻጭ የሚገናኙበት መድረክ እንዲሆን ነው፤ ሆኖም በገበያው ያልተመዘገበ ኩባንያ ባለአክሲዮን ገዥውን ራሱ መፈለግ ይጠበቅበታል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ሲሸጥ ዝቅተኛው መጠን 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9 ሺህ 900 ብር ነበር። ያን የገዛ ሰው የድርጅቱ ባለድርሻ ሆነ እንጂ 9 ሺህ 900 ብር በአደራ አላስቀመጠም።

አንድ ሻጭ «አክሲዮን ግዛ፤ በየዓመቱ 25 በመቶ ትርፍ እናረጋግጥልሃለን፤ በፈለግህ ጊዜም ገንዘብህን እንመልሳለን» ካለ የአክሲዮንን ስም ይዞ የቦንድን ተስፋ እየሸጠ ነው። እንዲህ ያለ ግብዣ የቀረበለት ሰው ብር ከማውጣቱ በፊት የሽያጩን ዝርዝር መግለጫ ሰነድ ይጠይቅ፤ ለሕዝብ የሚቀርበው ሽያጭ በኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ዘንድ መመዝገቡንም ከባለሥልጣኑ ያጣራ።