የማይወረሰው ምልክት
ባክቴሪያ የራሱን ዲኤንኤ ከባዕድ እንዴት እንደሚለይ የታወቀበት የጄኔቫ ምርምር

ባክቴሪያም ይታመማል። የሚያጠቃው ፌጅ የተባለ ቫይረስ ነው። ፌጁ በባክቴሪያው ገላ ላይ ይለጠፍና ዲኤንኤውን ብቻ ወደ ውስጥ ያስገባል። የገባው ዲኤንኤ የባክቴሪያውን አሠራር ተቆጣጥሮ ራሱን ያባዛል፤ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜም ባክቴሪያው ፈንድቶ በርካታ አዳዲስ ቫይረሶች ይወጣሉ። ባክቴሪያ ይህን ወራሪ ቆራርጦ የሚጥልበት መንገድ እንዳለው፣ የራሱን ዲኤንኤ ደግሞ ከዚያው መቁረጫ እንደሚጠብቅ የታወቀው ባለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ነው። ነገሩ የተጀመረው ማንም ሊፈታው ባልቻለ አንድ እንግዳ ውጤት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1952 ጣሊያን ተወላጁ ሳልቫዶር ሉሪያና ባልደረባቸው ሜሪ ሂዩማን በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ቲ2 የተባለውን ፌጅ ያጠኑ ነበር። አንድ የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ዘር በቫይረሱ ተጠቅቶ ይሞታል፤ ከውስጡ የሚወጡት ቫይረሶች ግን እዚያው ዓይነት ባክቴሪያ ላይ ሲመለሱ አይራቡም። ቫይረሶቹ የሞቱ ይመስሉ ነበር። ሺጌላ በተባለ ሌላ ባክቴሪያ ላይ ሲሞከሩ ግን እንደ ልብ ተራቡ። ይበልጥ የሚገርመው፣ በሺጌላ ውስጥ አንድ ጊዜ ካለፉ በኋላ የቀድሞ ችሎታቸው ሁሉ ተመለሰላቸው። ሉሪያና ሂዩማን ይህን የማይወረስ ለውጥ ብለው አሳተሙት።

በቀጣዩ ዓመት ጁሴፔ ቤርታኒና ዣን ቫይግል ላምዳ በተባለ ሌላ ፌጅ ተመሳሳይ ነገር አዩ፤ የእነርሱ ሙከራ ነገሩን በግልጽ ቁጥር ያሳያል። ባክቴሪያ በሳህን ላይ በረጋ ምግብ ሲዘራ ሳህኑን ሞልቶ ያድጋል። ፌጅ ባረፈበት ቦታ ግን ባክቴሪያው ስለሚሞት ጥርት ያለ ክብ ባዶ ቦታ ይከፈታል። ክቦቹን በመቁጠር ስንት ቫይረስ እንደተሳካለት ማወቅ ይቻላል። ሲ በተባለው የኢ. ኮላይ ዘር ውስጥ ያደገ ላምዳ እዚያው ሲ ላይ ሲፈስ 10,000 ክብ ቢከፍት፣ ኬ በተባለው ዘር ላይ ሲፈስ የሚከፍተው ጥቂት ብቻ ነው፤ ከአምስት አይበልጥም።

እነዚያን ጥቂቶች ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው በለውጠ ዘር አጋጣሚ ኬን ማሸነፍ የቻሉ ልዩ ቫይረሶች ናቸው ብሎ ነው። ግምቱ ስህተት መሆኑ የሚታወቀው በአንድ ቀላል ፈተና ነው። ከኬ ያመለጡት ቫይረሶች ልጆች ኬ ላይ ሲፈስሱ 10,000ውም ይሳካላቸዋል። አንድ ዙር ብቻ በሲ ውስጥ ሲያልፉ ግን ኬን መቋቋሙ እንደገና ይጠፋል። ለውጡ በዲኤንኤው ፊደሎች ላይ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ በአንድ ትውልድ ከሁሉም በአንድ ጊዜ ሊጠፋ አይችልም። ስለዚህ ቫይረሱ የያዘው ነገር ከወላጁ ሳይሆን ካደረበት ባክቴሪያ ያገኘው ነው።

እንቆቅልሹ በዚህ ሁኔታ ሰባት ዓመት ያህል ቆየ። በ1960 መጀመሪያ ላይ ወጣቱ ስዊዘርላንዳዊ ቬርነር አርበር ከሎስ አንጀለስ ወደ ጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመለሱ። የተመለሱት ጨረር በረቂቅ ሕዋሳት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት እንዲያጠኑ በተመደበ የምርምር ገንዘብ ነበር። ለዚህም ጨረር የሚቋቋም የኢ. ኮላይ ዘር መረጡና ላምዳን አስገቡበት። ከኬ የመጣው ላምዳ ግን በዚህ ዘር ላይ እምብዛም አልያዘም። አርበር ይህን እንደ እንቅፋት አልፈው ሌላ ባክቴሪያ መምረጥ ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን የገባው የቫይረስ ዲኤንኤ ምን ላይ እንደሚደርስ ለመከታተል ወሰኑ። በዚህ ሥራ አብረዋቸው የተሰለፉት የዶክትሬት ተማሪያቸው ዴዚ ዱስዋ ነበሩ።

ዲኤንኤ ፎስፈረስ አለው። ስለዚህ ሁለቱ ቫይረሱን ጨረር በሚያመነጭ ፎስፈረስ 32 ውስጥ አሳደጉት፤ የቫይረሱ ዲኤንኤ በዚህ መንገድ የሚከታተሉት ምልክት ያዘ። ከዚያ ባክቴሪያዎቹን አስጠቁና በየደቂቃው ናሙና እየወሰዱ አሲድ ጨመሩበት። ረጅም ዲኤንኤ በአሲድ ውስጥ ይረጋና ወደ ታች ይዘቅጣል፤ የተሰባበረ ዲኤንኤ ግን ፈሳሹ ውስጥ እንደሟሟ ይቀራል። ከሚቀበለው ባክቴሪያ የመጣ ቫይረስ ሲገባ ጨረሩ በአመዛኙ ከዝቃጩ ጋር ታች ሆነ። ከባዕድ ባክቴሪያ የመጣ ሲገባ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ብዙው ጨረር ፈሳሹ ውስጥ ተገኘ። ቫይረሱ ባክቴሪያው ውስጥ መግባት አልተከለከለም። ገብቷል፤ ከገባ በኋላ ግን ዲኤንኤው ተሰባብሯል።

ይህ የመቁረጡን ነገር ሲያስረዳ ሌላው ሙከራ ደግሞ የመጠበቁን ነገር አስረዳ። በኬ ያደጉ ቫይረሶች የጥበቃ ምልክት በማይሰጥ ባክቴሪያ ውስጥ ለአንድ ዙር ብቻ እንዲራቡ ተደረገ። ከሚወጡት በርካታ ልጆች አብዛኞቹ ኬን መቋቋም አቃታቸው። ጥቂቶቹ ግን ቻሉ፤ እነዚህም የወላጃቸው ዲኤንኤ ራሱ የደረሳቸው ነበሩ። ዲኤንኤ ሁለት ዘርፍ ያለው ሆኖ ሲባዛ አሮጌዎቹ ዘርፎች ተለያይተው እያንዳንዳቸው አዲስ አጣማሪ ይሠራላቸዋል። ስለዚህ አንድ አሮጌ ዘርፍ የያዘ ልጅ ከጥቃት ይተርፋል፤ ሁለቱም ዘርፉ አዲስ የሆነው አይተርፍም። ምልክቱ ያለው በሌላ ቦታ ሳይሆን በዲኤንኤው ገላ ላይ ነው ማለት ነው። የዱስዋና የአርበር ሁለት ጽሑፎች በ1962 ታተሙ።

ምልክቱ ምንድን ነው? አርበር በ1965 ባወጡት ሥራ ሜቲዮኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ ራሱ መሥራት የማይችል ባክቴሪያ ተጠቀሙ። ባክቴሪያው ሜቲዮኒን ሲነፈግ በውስጡ የሚመረቱት ቫይረሶች መከላከያ ሳይኖራቸው ይወጣሉ። ሜቲዮኒን ደግሞ ሕዋስ ሜቲል የሚባለውን፣ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ያለውን ትንሽ ጭማሪ የሚያገኝበት ምንጭ ነው። ጥበቃው ስለዚህ በተወሰኑ የዲኤንኤ ፊደሎች ላይ የሚለጠፍ ሜቲል መሆን አለበት። ከብት ላይ እንደሚተኮስ የባለቤት ምልክት ነው ማለት ይቻላል፤ ጥጃ የእናቱን ቀለም ይወርሳል፣ የእናቱን ተኩስ ግን አይወርስም፤ በየትውልዱ እንደገና መተኮስ አለበት።

አሠራሩን ኋላ በሌላ ቦታ በተገኘ፣ ዛሬ በየቤተ ሙከራው በሚታወቅ ኢንዛይም ማየት ይቀላል። ስሙ ኢኮአርዋን ይባላል፤ የሚፈልገውም GAATTC የሚሉትን ስድስት ፊደሎች ነው። አራት ፊደል ባለው ጽሑፍ ውስጥ አንድ የተወሰነ ባለ ስድስት ፊደል ቃል በአማካይ በየ4,096 ፊደሉ አንድ ጊዜ ይገጥማል። የኢ. ኮላይ ዲኤንኤ 4.6 ሚሊዮን ጥንድ ፊደል ስላለው፣ በዚህ ስሌት ቃሉ ከ1,000 ቦታ በላይ ሊገኝ ይችላል። መቁረጫው እነዚህን ሁሉ ቢቆርጥ ባክቴሪያው ወዲያው ያልቅለታል። ስለዚህ አጃቢ የሆነ ሁለተኛ ኢንዛይም እያንዳንዱን ቃል እየፈለገ ሦስተኛው ፊደል ላይ ሜቲል ይለጥፋል። ቃሉ በተቃራኒው ዘርፍ ሲነበብም ያው GAATTC ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ዘርፎች ይለጠፍባቸዋል። ባክቴሪያው ዲኤንኤውን ሲያባዛ አዲሱ ዘርፍ ባዶውን ይወጣል፤ ሆኖም በአሮጌው ላይ ያለው አንድ ሜቲል ብቻውን መቁረጫውን ስለሚገታ፣ ለጣፊው ደርሶ ሁለተኛውን እስኪሞላ ጊዜ ይገኛል።

ከኬ ያመለጡት ጥቂት ቫይረሶች ምሥጢርም ይኸው ነው። ባዕድ ዲኤንኤ ሲገባ መቁረጥና መለጠፍ ይሽቀዳደማሉ። መቁረጥ ፈጣን ስለሆነ ዘወትር ለማለት ይቻላል ያሸንፋል። ከስንት አንዴ ግን ለጣፊው ይቀድምና የወራሪው ቃሎች ሁሉ የቤቱን ምልክት ያገኛሉ። ከዚያ በኋላ ያ ባክቴሪያ የሚያመርታቸው ቫይረሶች በሙሉ ምልክት ያላቸው ናቸው፤ ጎረቤት ያለው ተመሳሳይ ባክቴሪያም ከራሱ ዲኤንኤ ሊለያቸው አይችልም። ስለዚህ ይህ መከላከያ የወረርሽኙን መጀመሪያ ያደክማል እንጂ አንዴ ያመለጠውን አያቆምም።

በጄኔቫ የተጠናው መቁረጫ ለኬሚስቶች የማይመች ጠባይ ነበረው። በ1968 ማቲው ሜሰልሰንና ሮበርት ዩዋን የኬን ኢንዛይም ለይተው አወጡ፤ ነገር ግን ይህ ዓይነቱ ቃሉን አንድ ቦታ ላይ ያውቅና የሚቆርጠው ሌላ ሩቅና ያልተወሰነ ቦታ ላይ ነው። የሚገኙት ቁርጥራጮች በየጊዜው ይለያያሉ። በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሙ ሃሚልተን ስሚዝና ተማሪያቸው ኬንት ዊልኮክስ ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዜ በተባለ ባክቴሪያ ውስጥ የተለየ ዓይነት አገኙ። የባክቴሪያውን ጭማቂ ከፒ22 ፌጅ ዲኤንኤ ጋር ሲቀላቅሉ ፈሳሹ በፍጥነት ቀጠነ፤ ረጅም ዲኤንኤ ፈሳሽን ያወፍራልና መቅጠኑ መቆረጡን ይናገራል። የባክቴሪያው የራሱ ዲኤንኤ ሲሞከር ግን ውፍረቱ አልተለወጠም። በ1970 ስሚዝና ቶማስ ኬሊ ይህ ኢንዛይም የሚቆርጠው የሚያውቀውን ቃል መሀል ላይ እንደሆነ አሳዩ። አንድ ዓይነት ዲኤንኤ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ይቆረጣል ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት እዚያው ዩኒቨርሲቲ ዳንኤል ናታንስና ካትሊን ዳና ኤስቪ40 የተባለውን የዝንጀሮ ቫይረስ ዲኤንኤ 11 ቦታ ከፋፍለው በመጠናቸው ለዩ፤ ቁርጥራጮቹን ቅደም ተከተል በማስያዝም የቫይረሱ ካርታ ተሠራ።

የሉሪያ ቲ2 ፌጅ ታሪክ ኋላ ሲመረመር የዚሁ ነገር ግልባጭ ሆኖ ተገኘ። ቲ2 የራሱን ዲኤንኤ ፊደል ለውጦ በላዩ ላይ ስኳር ይለጥፍበታል፤ በዚህም ከብዙ መቁረጫ ያመልጣል። ሉሪያ የተጠቀሙበት የኢ. ኮላይ ዘር ስኳሩን ማቅረብ ስለማይችል ቫይረሶቹ ያለ ስኳር ወጡ። ኢ. ኮላይ ደግሞ እንዲህ ስኳር ያጣውን የተለወጠ ፊደል ፈልጎ የሚቆርጥ ሌላ መሣሪያ አለው፤ ሺጌላ ይህ የለውም። ባክቴሪያ ምልክት የሌለውን ለመቁረጥ መሣሪያ ሲሠራ ቫይረሱ ምልክት ይለብሳል፤ ባክቴሪያው በተራው ያን ልብስ የሚያውቅ መሣሪያ ያበጃል።

በ1978 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ለአርበር፣ ለስሚዝና ለናታንስ ተሰጠ። ዴዚ ዱስዋ ከተሸላሚዎቹ መካከል አልነበሩም፤ ዛሬም ታሪኩ ሲተረክ ስማቸው ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የ1962ቱን ሁለት ጽሑፎች ለሚከፍት ሰው ግን ነገሩ ግልጽ ነው። በአንዱ ላይ የአርበር ስም ቀድሞ የዱስዋ ይከተላል፤ በሌላው ላይ የዱስዋ ቀድሞ የአርበር ይከተላል። የባዕድ ዲኤንኤ መሰባበር በእነዚህ ጽሑፎች ሲታወቅ ሥራውን የሠሩት ሁለቱም ናቸውና፣ ግኝቱ በሁለቱም ስም ሊጠራ ይገባዋል።