የመቶኛ ነጥብ፦ ከመቶኛ ለውጥ የሚለየው በምንድን ነው?

በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብርን የምንዛሪ ዋጋ በ15 በመቶ ሲያወርድ፣ ለቁጠባ የሚከፈለውን ዝቅተኛ ወለድም ከ5 በመቶ ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ። ወለዱ በስንት ጨመረ? «በ2 በመቶ» የሚለው መልስ ቶሎ አፍ ላይ ይመጣል፤ ግን ትክክል አይደለም። 10,000 ብር አስቀምጦ በዓመት 500 ብር ያገኝ የነበረ ቆጣቢ ከዚያ ወዲህ 700 ብር ያገኛል። የጨመረው 200 ብር የ500 ብር 40 በመቶ ነው። ጭማሪው በእርግጥ 2 በመቶ ቢሆን ኖሮ ወለዱ ከ5 ወደ 5.1 ብቻ ይደርስ፣ ለቆጣቢውም 10 ብር ብቻ ይጨመርለት ነበር።

ከ7 ላይ 5 ሲቀነስ የሚቀረው 2 የመቶኛ ነጥብ ይባላል፤ ባንክ ቤት አካባቢ ፐርሰንቴጅ ፖይንት ሲባል የምንሰማው ነው። 40ው ደግሞ መቶኛ ለውጥ ነው፤ ልዩነቱ ለመነሻው ተካፍሎ የተገኘ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ማስታወቂያ የሚጽፍ ሰው 40ን እንደሚመርጥ ግን መገመት አያስቸግርም።

ያው ወጥመድ በዋጋ ኢንዴክስ ላይም አለ። የአሜሪካ የሸማቾች ዋጋ ኢንዴክስ እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1984 የነበረውን አማካይ ዋጋ 100 ብሎ ይነሳል። የ2009 አማካዩ 214.5፣ የ2024ቱ 313.7 ነው። ልዩነቱ 99.2 ስለሆነ ዋጋ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ያሰኛል። ነገር ግን 99.2 የኢንዴክስ ነጥብ እንጂ መቶኛ ለውጥ አይደለም። ለ214.5 ሲካፈል ጭማሪው 46 በመቶ ገደማ ይሆናል።

የድሮን ዋጋ ወደ ቅርብ ጊዜ ማምጣትም በዚሁ ማካፈል ይሠራል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ ከሐምሌ 2009 ጀምሮ 7.25 ዶላር ነው። የ2009ኙ 7.25 ዶላር በ2024 ዋጋ ስንት ነው?

7.25 × 313.7 ÷ 214.5 = 10.60

የቅርቡ ኢንዴክስ ከላይ፣ የድሮው ከታች ይሆናል። ቦታቸው ከተለዋወጠ 4.96 ይመጣል፤ ዋጋ ንሮ ሳለ መልሱ ከመነሻው ካነሰ ክፍልፋዩ ተገልብጧል ማለት ነው። እንግዲህ በ2024 በ7.25 ዶላር የሚሠራ ሰው 2009 ላይ የነበረውን የመግዛት አቅም እንዲያገኝ 3.35 ዶላር ይጎድለዋል።

ሁለቱ ቁጥሮች መነሻ ዓመታቸው አንድ መሆን አለበት። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቶች አልፎ አልፎ መነሻውን ቀይረው እንደገና ከ100 ስለሚጀምሩ፣ አንዱን ቁጥር ከአሮጌው ሰንጠረዥ ሌላውን ከአዲሱ የወሰደ ሰው ዋጋ የወደቀ ሊመስለው ይችላል። ደግሞም ኢንዴክሱ የብዙ ቤተሰብ ወጪ አማካይ ነው። ደመወዙ በአብዛኛው ለቤት ኪራይ የሚሄድበት ሰው፣ ኪራይ ከሌላው ፈጥኖ በተወደደበት ከተማ የሚኖር ከሆነ፣ 10.60ውም አይበቃውም።