የሌሊት ሥራ ሎግ

ሰው ሳይጠብቀው በኮምፒውተር የሚሄድ ሥራ፣ ለምሳሌ በ`cron` የሚነሣ የመረጃ ቅጂ፣ ያደረገውን በየመስመሩ የሚያሰፍርበት መዝገብ። ደባርቅ ውስጥ ባለ አንድ ቢሮ እንዲህ ያለ ሎግ ጠዋት ተከፈተ እንበል፦

```
2025-03-11T02:00:01+03:00 run=417 START files=2500
2025-03-11T02:09:40+03:00 run=417 COPIED 1800
```

`END` የሚል መስመር የለም። ሥራው ሲጀምር ብቻ ሳይሆን ሲጨርስም መጻፍ ያለበት ለዚህ ነው፤ የመጨረሻው መስመር መጥፋቱ ራሱ ማስረጃ ይሆናል። በ`uptime -s` ሲታይ ማሽኑ የተነሣው 06:40 ላይ ከሆነ፣ ሥራው የተቋረጠው ማሽኑ ስለጠፋ ሳይሆን አይቀርም፤ መብራትም ሊሆን ይችላል። ማሽኑ ለቀናት ሳይጠፋ ከቆየ ግን ሥራው በስሕተት ቆሟል፣ ተገድሏል ወይም አንድ ቦታ ተንጠልጥሏል።

መብራቱ የጠፋው ግን 02:09 ላይ ነው ማለት አይቻልም። ፕሮግራሙ መስመሮችን በማህደረ ትውስታ አጠራቅሞ የሚጽፍ ከሆነ የመጨረሻዎቹ አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ መስመር ወዲያው ወደ ዲስክ መውረድ አለበት።

በእኛ አገር በተለይ የሚያሳስተው ሰዓቱ ነው። 02:00 በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ቀኑም መጋቢት 2 ቀን 2017 ነው፤ «2 ሰዓት» ብሎ ያነበበ ሰው ጥፋቱን ስድስት ሰዓት አርቆ ይፈልጋል። `+03:00` በየመስመሩ መኖሩ የማሽኑን አቆጣጠር ያሳውቃል፤ ወደ እኛ ሰዓት የሚቀይረው አንባቢው ነው።